በሐምሌ የተመዘዙ አሥራ ሁለት ችግኞች

ሐምሌ 18 ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማካፋቱን አልተወም። ሳሎናችን ውስጥ፣ የቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ በወገባቸው የተቆረጡ አሥራ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ የቲማቲም ችግኝ ቆሟል። ቆሟል ከተባለ ነው እንጂ፣ ሁሉም እንደ ክር ቀጥነው፣ ገርጥተው፣ ወደ በረንዳው በር አዘንብለዋል። ሁለቱ ከአፈሩ አፍ ላይ ተሰብረው ተኝተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ በፊት በፊት ደስ ብሎኝ ነበር። ዘሩን የጣልኩት ሐምሌ 1 ሲሆን ከሳምንት በኋላ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሳየው ረዝሞ ይጠብቀኛል። «እጅሽ ያበቅላል» እያልኩ ራሴን አወደስኩ። ስቶክሆልም ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ፎቶ ላክሁላት። እሷ በየዓመቱ መስኮቷ ላይ በሶብላና ቃሪያ ስለምታበቅል በዚህ ነገር የቤተሰባችን አማካሪ ናት። ፎቶውን እንዳየች ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄማ ብርሃን አጥቷል። ደቡብ ወደሚያይ መስኮት አዙሪው።»

«በረንዳችን እኮ ደቡብ ነው የሚያየው።»

«እንግዲያው ውሃ አብዝተሽበት ይሆናል» አለች፤ ድምጿ ግን እርግጠኛ አልነበረም። እኔም ደቡብ መሆኑን ሙጥኝ ብዬ ችግኞቹን ካሉበት ሳላነሳ ሦስት ቀን ቆየሁ። ጭራሽ ደክሟቸው እንደሆነ ብዬ ትንሽ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጬ ጨመርኩላቸው። ሁለቱ የወደቁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ አሉ፤ ሕንጻው ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ነው የሚላቸው። ሐምሌ 18 ጠዋት የውሃ ቆጣሪ ለማየት ደጃፋችን ላይ ሲደርሱ በተከፈተው በር በኩል ችግኞቹን አይተው ቆሙ። «ልግባ?» ብለው ገቡ። አንዱን ጠርሙስ ወደ ዓይናቸው አስጠጉና አገዳውን ከሥር እስከ ጫፍ በጣታቸው ሳይነኩ ተከተሉት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ብቅል አብቅለሽ ታውቂያለሽ?»

እናቴ ስታበቅል አይቻለሁ። ገብሱ ተነክሮ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲከፈት እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ነጭ ጭራና ነጭ ጎንቁል አውጥቶ ይገኛል። አረንጓዴ ነገር የለውም። ጓዳ ውስጥ የተረሳ ድንች የሚያወጣው ያ ረጅምና ገርጣ ያለ ቡቃያም እንዲሁ ነው።

«ያንቺም ቲማቲም ገና ከመሬት በታች ያለ ነው የሚመስለው» አሉ ጋሼ።

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር ያለው ስንቅ እናቱ ተክል የቋጠረችለት ብቻ ነው። ስንቁ ሳያልቅ ወለል ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ያለውን ሁሉ ለአገዳው ይሰጣል። ቅጠሎቹን አጥፎ ይይዛል፣ አናቱን እንደ ከዘራ እጀታ ቆልምሞ ለስላሳውን ጫፍ ከአፈር ፍትጊያ ይጠብቃል፣ አረንጓዴ ቀለም በመሥራትም ጉልበቱን አያባክንም። የአብዛኞቹ አዝርዕትና የአበባ ተክሎች ክሎሮፊል ያለ ብርሃን ተሠርቶ አያልቅም። ብርሃን ሲያገኝ ሁሉም ይገለበጣል፦ አናቱ ይቃናል፣ ቅጠሉ ይዘረጋል፣ በሰዓታት ውስጥ አረንጓዴው መታየት ይጀምራል፣ አገዳው ደግሞ መመዘዙን ያቆማል።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ይህ የመጨረሻው ነው። ብርሃን ተክልን ያሳድጋል ብለን ስለተማርን የረዘመ ተክል ብርሃን የጠገበ ይመስለናል። ለአገዳው ግን ብርሃን ልጓም ነው። ልጓሙ ሲላላ አገዳው ይጋልባል። የሚረዝመውም በአብዛኛው አዳዲስ ህዋሳት ስለተጨመሩ ሳይሆን ያሉት ህዋሳት እንደ ፊኛ ወደ ላይ ስለተሳቡ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳቸው ስስ፣ ውስጣቸው ውሃ የበዛበት ይሆናል። ሙሉ ጨለማ ውስጥ የበቀለ ችግኝ ደርቆ ቢመዘን ከተነሳበት ዘር ያነሰ ክብደት ይኖረዋል። ረዘመ እንጂ አላደገም፤ ስንቁን ነው የበላው።

ጋሼ ማስመሪያ አስመጡና ለኩት። ከአፈሩ እስከ ሁለቱ የመጀመሪያ የዘር ቅጠሎች ድረስ ያለው 9 ሳንቲሜትር ሆነ። ከበቀለ አሥር ቀን የሆነው የቲማቲም ችግኝ እዚያ ቦታ ላይ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃዋል።

«ግን እኮ ቤቱ ብርሃን ነው» አልኩ። እውነቴን ነበር። መብራት ሳላበራ ጋዜጣ አነብበታለሁ።

«ዓይንሽ ነዋ የሚያታልልሽ።»

የሰው ዓይን ብሌኑን እያጠበበና እያሰፋ ራሱን ከብርሃኑ ጋር ያስማማል፤ ስለዚህ ልዩነትን እንጂ መጠንን በደንብ አይናገርም። ስልኬ ላይ ብርሃን የሚለካ መተግበሪያ ጫንኩ። የስልክ ልኬት የላቦራቶሪ አይደለም፤ ቦታን ከቦታ ለማነጻጸር ግን በቂ ነው። ከበረንዳው በር ሁለት ሜትር ርቆ ባለው መደርደሪያ ላይ 240 ሉክስ አሳየኝ። በሩ መስታወት ሥር ሳስጠጋው 3,000 ገደማ ሆነ። በረንዳው ላይ፣ ያውም እያካፋ፣ ሰማዩም እንደ ማቅ ጠቁሮ፣ 12,000። ዓይኔ «ውጭ ትንሽ ደመቅ ይላል» የሚለኝ ነገር ሃምሳ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጥርት ባለ ቀን ቀትር ላይ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል፤ ቲማቲም የለመደው ያንን ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው ጋሼ ያሳዩኝን ማድረግ ይችላል። እጅን ከተክሉ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ጥላውን ማየት ነው። ጠርዙ የተቆረጠ፣ ጣት ከጣት የሚለይበት ጥላ ከወደቀ ብርሃኑ ብርቱ ነው። የእጅ ቅርጹ የሚታወቅ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ መካከለኛ ነው። ጥላው ፈጽሞ የማይለይ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ዘር መጣል የለበትም። ይህ ፈተና በክረምት ደመና ውስጥ ትንሽ ያስቸግራል፤ ደመናው ብርሃኑን ስለሚበትነው ውጭም ቢሆን ጥላው ይደበዝዛል። ለዚያ ቀን ሌላ ዘዴ አላቸው፤ እኔ እንዲያውም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ጎንበስ ብሎ ዓይንን ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ መመልከት ነው። ሰማይ ምን ያህል ይታያል? በደመናማ ቀን ብርሃን የሚሰጠው ሰማዩ በሙሉ ስለሆነ ቅጠሉ የሚያገኘው በሚያየው ሰማይ ልክ ነው። መደርደሪያው ጋ ጎንበስ ስል የታየኝ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ግድግዳና ከላያችን ያለው በረንዳ ሆድ ነው። በመካከላቸው የእጅ መዳፍ የምታክል ግራጫ ሰማይ አለች። አሥራ ሁለቱም ችግኞች ያዘነበሉት ወደዚያች ነው።

ማዘንበሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት የተክሎች እንቅስቃሴ ጥናት የሣር ቡቃያዎችን ጫፍ በትንሽ ቆብ ሸፍነው ነበር። ጫፋቸው የተሸፈኑት ወደ ብርሃን አልታጠፉም፤ የሚታጠፈው ቦታ ግን ከጫፉ በታች ነው። ስለዚህ ጫፉ የሚያየውን ለታችኛው ክፍል የሚያስተላልፍ ነገር መኖር ነበረበት። በኋላ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን እንደሆነ ታወቀ፦ ብርሃን ከአንድ ጎን ሲመጣ ኦክሲኑ ወደ ጥላው ጎን ያጋድላል፣ የጥላው ጎን ህዋሳት ይበልጥ ይረዝማሉ፣ አገዳውም ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። ጠርሙሶቹን በየቀኑ ሩብ ዙር ባዞራቸው ኖሮ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር፤ ቅጥነታቸው ግን ያው ነው። ማዞር ጎባጣውን ያቃናል እንጂ ብርሃን አይጨምርም።

ቀጥ ብሎ የተመዘዘ ችግኝም አለ፤ እሱን በሌላ ዓይን ማየት ይገባል። ጋሼ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ጊዜ ያዩት ይህንን ነው፦ ሜዳ ላይ፣ ሙሉ ፀሐይ ያለበት መደብ ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተዘራ ሽንኩርት ወይም ጎመን መሐል መሐሉ እንደ ክር ይወጣል። ብርሃን ከላይ ሞልቷል፤ የጎረቤት ቅጠል ግን ቀዩን ብርሃን ለራሱ ወስዶ፣ ዓይናችን ብዙም የማያየውን የቀይ ዳርቻ ብርሃን አሳልፎ ይለቃል። ይህን የሚያነብ ቀለም ተክሎች ውስጥ መኖሩ የታወቀው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎቹ የሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን ሲያበሩ በቀለ፤ ወዲያው የቀይ ዳርቻ ብርሃን ሲያስከትሉበት መብቀሉን ተወ። ደጋግመው ቢያፈራርቁትም ዘሩ የሚታዘዘው የመጨረሻውን ነበር። ያ ቀለም ዛሬ ፋይቶክሮም ይባላል። ለተጠቀጠቀ ችግኝ «አጠገብህ ተቀናቃኝ አለ፣ ቅደመው» የሚለው እሱ ነው። መድኃኒቱ ማሳሳት ነው፤ አምፖል አይደለም። የኔዎቹ ግን ለየብቻቸው በየጠርሙሳቸው ስለነበሩ ጎረቤት የሚወቀስበት ምክንያት የለም። እነሱ የጎደላቸው ብርሃኑ ራሱ ነው።

ሌላው መምታታት ያለው ከውሃና ከምግብ ጋር ነው። የተጠማ ችግኝ ቅጠሉ ይጠወልጋል እንጂ አገዳው አይመዘዝም። ናይትሮጅን ያነሰው ከሥር ያሉ አሮጌ ቅጠሎቹ ቀድመው ቢጫ ይሆናሉ፤ እድገቱም ይቀጭጫል። ብርሃን ያጣው ግን ሙሉ በሙሉ ገርጥቶ ይረዝማል። ድካሙን አይቶ ውሃና ማዳበሪያ መጨመር የኔ ስህተት ነበር። በትንሽ ብርሃን የሚኖር ተክል ውሃ የሚጠጣው በትንሹ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ችግኝ አጥቂ ሻጋታዎች ይነሳሉ፤ ቀጭኑን አገዳ ከአፈሩ አፍ ላይ አጥቅተው እንደ ተቆነጠጠ ያደርጉትና ይጥሉታል። ጋሼ በወደቁት ሁለት ችግኞች ሥር ያን ቡናማ ቁንጥጫ አሳዩኝ። ሙቀትም ያባብሰዋል፤ ብርሃን በሌለበት ሞቃት ሳሎን የተቀመጠ ችግኝ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካለው ይበልጥ ይመዘዛል።

የደቡቡ ነገር ግን ከነከነኝ። እህቴ ተሳስታ አታውቅማ። ጋሼን ስጠይቃቸው ሳቁ።

«እህትሽ ልክ ናት፤ እዚያ።»

ስቶክሆልም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 59 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ነው የምትታየው። በታኅሣሥ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ቀኑም ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ደቡብ የሚያይ መስኮት ላልያዘ ሰው ችግኝ ማሰብ ከንቱ ነው። የቤት ውስጥ ተክል መጻሕፍት የሚጻፉትም በአብዛኛው እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይዋ በጣም ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ 57 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ይህም ስቶክሆልም በሰኔ ከምታየው ከፍተኛ ፀሐይ ይበልጣል፤ እዚያ ከ54 አያልፍም። ከዚህም በላይ፣ ከሚያዝያ 5 አካባቢ እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ ድረስ የኛ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል የለችም። አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች። ደመናው ቢገለጥ እንኳ በሐምሌ ቀትር የኔ በረንዳ ላይ ቀጥተኛ ጨረር አያርፍም። በምሥራቅ ወይም በምዕራብ መስኮት ያለው ጎረቤቴ የጠዋቱን ወይም የከሰዓቱን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ያገኛል። ስለዚህ «ደቡብ» የሚለው ምክር እዚህ አገር ለበጋ ነው የሚሠራው።

ለእህቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ፀሐይዋም የዚህ አገር ሆናብኛለች» ብላ ሳቀች።

የተረፉትን አሥር ችግኞች በማግስቱ ማዳን ጀመርን። መጀመሪያ ወደ በረንዳው ጥግ፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ። የክረምት ደመና ስለነበር ጋሼ በሦስተኛው ቀን ሙሉ ቀን ይቆዩ አሉ። በበጋ ቢሆን ሳምንት ወይም አሥር ቀን ያህል ቀስ በቀስ ማልመድ ያስፈልግ ነበር፤ ሳሎን ያደገ ስስ ቅጠል በአንድ ጊዜ የአዲስ አበባን ፀሐይ ቢያገኝ ነጭ ነጭ እየሆነ ይቃጠላል። አገዳቸው አላጠረም። ሊያጥርም አይችልም፤ አንዴ የተሳበ ህዋስ ተመልሶ አይሰበሰብም። ብርሃን የሚያስተካክለው ከዚያ በኋላ የሚበቅለውን ብቻ ነው።

ቲማቲም ግን አንድ መላ አለው። አገዳው አፈር ሲነካው ሥር ያወጣል። እውነተኛ ቅጠሎቻቸው ሲወጡ ጥልቅ ወዳለ ዕቃ አዛወርናቸውና እስከ ዘር ቅጠሎቻቸው ድረስ ቀበርናቸው። ዕቃው ጥልቀት ከሌለው አገዳውን አጋድሞ መቅበርም ይሆናል፤ ጫፉ ራሱን አቅንቶ ይወጣል። ጎመንና ሰላጣ እስከ ዘር ቅጠላቸው ቢቀበሩ ይችላሉ። ቃሪያ ግን ከአገዳው ሥር ማውጣት ላይ እንደ ቲማቲም አይደለም፤ የተመዘዘ ቃሪያ ካለ እንደገና መዝራት ይቀላል። እኔም ሐምሌ 20 ቀን ለማነጻጸር ብዬ አዲስ ዘር በረንዳው ላይ ጣልኩ። ብርድ ስለሆነ ዘግይቶ ሐምሌ 30 በቀለ። ነሐሴ 10 ቀን፣ እንደ ቀድሞዎቹ አሥር ቀን ሲሞላው፣ ማስመሪያው 3.5 ሳንቲሜትር አሳየ። አገዳው ወፈር ብሎ ሥሩ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ጠርሙሱን ባነቃንቀው አብሮ አይወዛወዝም።

በረንዳ ለሌለው አምፖል አለ፤ ግን ጣሪያ ላይ የተሰቀለው አይቆጠርም። ከአምፖል የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከቅጠሉ 15 ሳንቲሜትር ላይ ከሚሰጠው፣ በ2 ሜትር ከ40 ርቀት ላይ ከግድግዳ የሚመለሰውን ሳንቆጥር በ256 እጅ ያነሰ ይሰጣል። ተራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አናታቸው ላይ ዝቅ ብሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢበራ ችግኝን አጠር አድርጎ ያቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ማመን የያንዳንዱ ፈንታ ነው።

ያን የሐምሌ 18 ጠዋት ጋሼ ሊወጡ ሲሉ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን ፖቶስ አዩት። ልብ የሚመስል ቅጠል ያለው ሐረግ ነው፤ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐረግ መርዘሙ ያለ ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱን አላዩም። ጣታቸውን ከሥሩ አንጓ ጀምረው ወደ ጫፉ እያንሸራተቱ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለውን ለኩ። «ይሄ ችግኝ ጣቢያ ያደገበት ነው» አሉ፤ ቅጠሎቹ ተቀራርበዋል፣ ሰፋፊ ናቸው፣ ቢጫ ዝንጉርጉር አላቸው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ወደ ቤትሽ አመጣሽው።» ከዚያ ወዲያ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ሁለት እጥፍ ሆኗል፣ ቅጠሉ አንሷል፣ ዝንጉርጉሩ ጠፍቶ አረንጓዴ ብቻ ቀርቷል። ጥቂት ወደፊት ደግሞ ሦስት አንጓዎች እንደገና ተቀራርበው ነበር።

«እዚህስ ምን ሆነ?»

አሰብኩ። አምና ቤቱ ሲቀባ ዕቃው ሁሉ ለሁለት ወር ያህል በረንዳው በር ሥር ተከምሮ ነበር። ፖቶሱም አብሮ።

መቀስ አምጥቼ ከተቀራረቡት አንጓዎች በላይ ያለውን ቆረጥኩት። ቁራጮቹ ውሃ ውስጥ ሥር እያወጡ ነው፤ በሩ መስታወት ሥር፣ ስልኩ 3,000 ያለበት ቦታ ላይ።